«በራስህ ቃል ጻፍ» ሲባል ምን ማድረግ ነው?

ተማሪዎችን ሳስጠና ካየኋቸው ስህተቶች መቼም የማልረሳው አንድ አለ። መጽሐፉ አፈር በጎርፍ «ተጠርጎ ይወሰዳል» ይላል። ተማሪው ይህን በራስህ ቃል ጻፍ ተብሏል። «ተጠርጎ» የምትለዋን ቃል አየና ምትክ ፈለገላት። መጥረግ ማለት ማጽዳት አይደል? «አፈሩ በጎርፍ ጸድቶ ይወሰዳል» ብሎ ጻፈ። የተቀየረችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ ጎርፉ ግን አፈር የሚያጠፋ መሆኑ ቀርቶ አፈር የሚያጥብ ሆኖ አረፈው።

ልጁ ሰነፍ አልነበረም። የታዘዘውን አድርጓል፣ ቢያንስ የታዘዘ የመሰለውን። ችግሩ ያለው ትእዛዙ ላይ ነው። «በራስህ ቃል» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚሰማው «ቃላቱን ቀይር» የሚለውን ነው። ሥራው ግን ከቃላቱ ጀርባ ያለውን ሐሳብ ተረድቶ እንደገና መናገር ነው። ሁለቱ የሚመሳሰሉ ይመስላሉ እንጂ የሚጀመሩበት ቦታ ራሱ የተለያየ ነው። እዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሠራዋለን።

በራስ ቃል መጻፍ ከመጥቀስና ከማሳጠር በምን ይለያል?

መጥቀስ የሰውየውን ቃል እንዳለ ወስዶ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ማሳጠር ደግሞ ረጅሙን ጽሑፍ ጨምቆ ዋናውን ብቻ ማስቀረት ነው። በራስ ቃል መጻፍ፣ ብዙዎች ፓራፍሬዝ የሚሉት፣ ከሁለቱም ይለያል። ምንም አይቆረጥም፣ ምንም አይጨመርም፣ አነጋገሩ ግን የእናንተ ይሆናል። ስለዚህ ርዝመቱ ከዋናው ብዙም አይርቅም። እንዲያውም የመጽሐፍ ዓረፍተ ነገር ታጭቆ የተጻፈ ስለሚሆን፣ ሲፈታ ረዘም ቢል አይገርምም።

መልእክት እንደማድረስ አድርጋችሁ አስቡት። እህታችሁ «ነገ ከዘነበ አልመጣም በይልኝ» አለቻችሁ እንበል። ሄዳችሁ «ነገ ዝናብ ከሆነ ትቀራለች» ብትሉ መልእክቱ ደርሷል። ከ«ነገ» በቀር አንድም ቃል እሷ እንዳለችው አልደገማችሁም፣ ግን ደርሷል። «ነገ አትመጣም» ብትሉ ግን አልደረሰም። ከተናገረችው ውስጥ ያልነበረ ነገር አልጨመራችሁም እኮ፤ «ከዘነበ» የምትለዋን ጣላችሁ እንጂ። በዚያች ቃል ምክንያት መልእክቱን የተቀበለው ሰው ነገ በጠራራ ፀሐይ ቤቱን ቆልፎ ይወጣል።

የመማሪያ መጽሐፍ ዓረፍተ ነገርም እንደዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ትልልቆቹ ቃላት ላይ ሳይሆን እንደ «ከዘነበ» ያሉት ትንንሾቹ ላይ ነው።

ዓረፍተ ነገሩን ከየት ልጀምረው?

የምንሠራበት ይኸውና። ከየትኛውም መጽሐፍ አልወሰድኩትም፣ መጻሕፍቱ በሚጽፉበት ዓይነት ራሴ ያዘጋጀሁት ነው፤ ከዚህ በኋላ «መጽሐፉ» ስል እሱን ማለቴ ነው፦

«የዕፅዋት ሽፋኑ በተመናመነ ተዳፋት መሬት ላይ፣ የዝናብ ውሃ ወደ አፈር ውስጥ የመስረግ መጠኑ ስለሚቀንስ፣ የላይኛው ለም አፈር በጎርፍ ተጠርጎ የመወሰድ አደጋው ይጨምራል።»

ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት ዓረፍተ ነገሩን ጠይቁት። የት ነው የሚሆነው? ተዳፋት መሬት ላይ። መቼ? ዕፅዋቱ ሲመናመን። ለምን? የሚሰርገው ውሃ ስለሚቀንስ። ምን ይሆናል? የላይኛውን ለም አፈር ጎርፍ ይወስዳል።

ቆይ ግን። የመጨረሻው መልስ ትክክል አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ «ይወስዳል» አላለም። «የመወሰድ አደጋው ይጨምራል» ነው ያለው። አንዱ የሆነ ነገር ነው፣ ሌላው ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ስለዚህ አምስተኛ ጥያቄ ያስፈልጋል፦ ጸሐፊው ምን ያህል እርግጠኛ ነው? ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህችን ጥያቄ አይጠይቁም፤ ፈተና ላይ ነጥብ የምታስጥለውም ብዙ ጊዜ እሷ ናት።

ሌላም ነገር አለ። «ተመናመነ» ማለት ሳሳ፣ አነሰ ማለት ነው። ጠፋ ማለት አይደለም። «ይቀንሳል» ማለትም ይቆማል ማለት አይደለም። እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁሉም ነገር የመጠን ጉዳይ ነው፤ ዕፅዋቱ ያንሳል፣ መስረጉ ያንሳል፣ አደጋው ይበዛል። ይህ ሦስት እርከን ያለው ሰንሰለት የዓረፍተ ነገሩ ፍሬ ሐሳብ ነው። እሱን ከያዛችሁ ቃላቱ ቢጠፉባችሁ እንኳ ግድ የለም።

አሁን አንድ ተማሪ «ዛፍ ከሌለ ጎርፍ አፈሩን ይወስደዋል» ብሎ ቢጽፍ ምን እንደጠፋ በቀላሉ ይታያል። ዕፅዋት ዛፍ ብቻ ሆነ፣ ሣሩም ቁጥቋጦውም ቀረ። «ተመናመነ» ወደ «ከሌለ» ዞረ። ተዳፋቱ የለም። የመስረጉ ነገር፣ ማለትም ምክንያቱ፣ የለም። አደጋ የነበረው እርግጠኛ ሆነ። አጭር ነው፣ ግልጽ ነው፣ አማርኛውም አይከፋም። መጽሐፉ ያለውን ግን አላለም።

ቃላቱን በተመሳሳያቸው ብተካ ምን ችግር አለው?

ሁለት ችግር አለው። የመጀመሪያውን በጎርፉ አይተነዋል። ተመሳሳይ የሚባሉ ቃላት ሁልጊዜ ተመሳሳይ አይደሉም። «ለም» ን በ«ጥሩ» ብትተኩ ሰብል የማብቀል ትርጉሙ ይቀራል። ለሸክላ ሥራም እኮ ጥሩ አፈር አለ። «ጎርፍ» ን በ«ውሃ» ብትተኩ ደግሞ ኃይሉ ይጠፋል። ቃላት ጎረቤት እንጂ መንታ አይደሉም፤ አጥሩን የምታውቁት ነገሩን ስታውቁት ነው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ቃላቱ በትክክል ቢተኩም አለ። ይህን ተመልከቱ፦

«የዕፅዋት ልባሱ በሳሳ ዘቅዛቃ መሬት ላይ፣ የዝናብ ውሃ ወደ አፈር ውስጥ የመግባት መጠኑ ስለሚያንስ፣ የላይኛው ለም አፈር በጎርፍ ተገፍቶ የመሄድ ስጋቱ ከፍ ይላል።»

ትርጉሙ ደህና ነው። ግን ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። የመጀመሪያው ሐረግ በመጀመሪያው ቦታ፣ «ስለ» ም በቦታው፣ ማሰሪያው ግሥም በቦታው። አጥንቱ የመጽሐፉ ነው፣ የተቀየረው ልብሱ ነው። ሬቤካ ሙር ሃዋርድ የምትባል አሜሪካዊት የጽሕፈት ምሁር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ስም አውጥታለታለች፤ ወደ አማርኛ ብናመጣው «ጥገና ጽሑፍ» ወይም «የተጣጣፈ ጽሑፍ» እንደማለት ነው። የሌላውን ጨርቅ ወስዶ እዚህም እዚያም የራስን ቁራጭ መጣፍ። የሃዋርድ ነጥብ ይህ ሁልጊዜ ስርቆት አይደለም የሚል ነው። ለትምህርቱ ገና አዲስ የሆነ ተማሪ ነገሩን በራሱ ለመናገር አቅም ሲያጥረው የመጽሐፉን አጥንት ተደግፎ ይቆማል፤ መማር ሲጀመር የሚታለፍበት ደረጃ ነው።

እኔም በዚህ እስማማለሁ። ተማሪው የተጣጣፈ ጽሑፍ ሲጽፍ የሚነግረን አንድ ነገር ነው፦ ገና አልገባውም፣ ወይም ገብቶት እንደሆነ እርግጠኛ አይደለም። ምክንያቱም ነገሩ ሳይገባም ይህን መሥራት ይቻላል። «መስረግ» ምን እንደሆነ ሳታውቁ መዝገበ ቃላት አይታችሁ «መግባት» ልትሉ ትችላላችሁ። አስተማሪው ደግሞ የፈለገው መግባቱን ማየት ነበር። (ሥራውን የሚቀበለው አካል ይህን እንደ ስርቆት ሊቆጥረው እንደሚችል ግን አትርሱ። ደረጃ ነው ማለት ይፈቀዳል ማለት አይደለም።)

ቅደም ተከተሉን ብገለብጠውስ?

ብዙ መምህራን የሚሰጡት ምክር ነው፤ ከመጨረሻው ጀምር ይላሉ። ጥሩ ምክር ነው፣ ግን በአማርኛ ሁለት ወጥመድ አለው። ስለ እነሱ ሲነገር ብዙም አልሰማሁም፣ ስለዚህ ትንሽ እንቆይባቸው።

ዓረፍተ ነገራችንን ከውጤቱ ለመጀመር ስንሞክር እጃችን በራሱ የሚጽፈው ይህንን ነው፦ «ጎርፍ የላይኛውን ለም አፈር የመውሰድ ዕድሉ የሚጨምረው፣ ተዳፋት መሬት ላይ ያለው ዕፅዋት ሲሳሳ ነው።» ሲነበብ ያምራል። ግን «የሚጨምረው … ሲሳሳ ነው» የሚለውን አሰካክ ልብ በሉ። «ትናንት ወንድሜ መጣ» እና «ትናንት የመጣው ወንድሜ ነው» አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ሌላ ሰው አልመጣም የሚል ስሜት ይሰጣል። የእኛም ዓረፍተ ነገር እንዲሁ ሳይታወቀን «ብቻ» ጨምሯል። አደጋው የሚጨምረው ዕፅዋት ሲሳሳ ነው ካልን ሌላ ምክንያት የለም ያልን ያህል ነው። መጽሐፉ ግን ስለ ሌሎች ምክንያቶች ምንም አላለም። ዝናቡ ከወትሮው ሲከብድም እኮ አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ ስትገለብጡ «የሚ…ው … ነው» የሚለው አሰካክ ከመጣ ቆም በሉና «እውነት ይሄ ብቻ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ወጥመድ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ስንከፍል የሚመጣ ነው። አማርኛ እርግጠኝነቱን የሚያስቀምጠው ብዙ ጊዜ መጨረሻው ግሥ ላይ ነው። «ይችላል»፣ «ይሆናል»፣ «ይገመታል» የሚሉት ሁሉ ጫፍ ላይ ቆመው ወደ ኋላ ያለውን ሁሉ ይገዛሉ። ለምሳሌ «መድኃኒቱ እንቅልፍ ሊያመጣና የምግብ ፍላጎት ሊቀንስ ይችላል» የሚለውን ውሰዱ። አንዷ «ይችላል» ሁለቱንም ይዛለች። ተማሪው ሲከፍለው «መድኃኒቱ እንቅልፍ ያመጣል። የምግብ ፍላጎትም ሊቀንስ ይችላል» ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ደህና ነው። የመጀመሪያው ግን ጥርጣሬውን ተቀምቷል። መድኃኒቱን የዋጠ ሁሉ እንቅልፍ ይወስደዋል ተባለ ማለት ነው። ስለዚህ ስትከፍሉ ጫፉ ላይ ያለችውን ቃል ለሁለቱም አካፍሉ።

የምክንያትና የውጤት መገልበጥም አለ፤ ይህኛው ግልጽ ስለሆነ ብዙ አልልም። «ጎርፍ ለሙን አፈር ስለሚወስደው ዕፅዋቱ ይመናመናል» የሚል መልስ አይቻለሁ። የሚገርመው ነገሩ በራሱ እውነት ሊሆን መቻሉ ነው፤ አፈሩ የተጠረገ መሬት ብዙ አያበቅልም። ተማሪውም «ታዲያ ስህተት ነው?» ብሎ ይከራከራል። ስህተት አይደለም፣ ግን የተጠየቀው እሱ አይደለም። በራስ ቃል መጻፍ የሚለካው ከዓለም ጋር ሳይሆን ከዚያ ከአንዱ ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። «ስለዚህ ችግኝ እንትከል» ብሎ መጨረስም እንዲሁ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ መጽሐፉ ግን አላለም።

መጽሐፉን ዘግቼ ብጽፍ ይሻላል?

አዎ፣ ለዚህም ምክንያት አለ። ጃክሊን ሳክስ የተባለች ተመራማሪ በ1967 ያሳተመችው ሙከራ አለ። ሰዎች አጭር ጽሑፍ ሲነበብ ይሰማሉ። መሃል ላይ ይቆምና አንድ ዓረፍተ ነገር ይቀርብላቸዋል፤ ቀደም ሲል ከሰሙት ጋር አንድ ነው ወይስ ተቀይሯል? አንዱ ጽሑፍ ስለ ቴሌስኮፕ አፈጣጠር ነበር። አንድ ሰው ስለ ነገሩ ለጋሊሊዮ ደብዳቤ እንደላከ ይናገራል። ከዚያ አንዳንዴ አሰካኩ ብቻ ይቀየራል፣ አንዳንዴ ደግሞ ትርጉሙ ይገለበጥና ጋሊሊዮ ራሱ ደብዳቤ ላኪ ይሆናል።

ዓረፍተ ነገሩ እንደተሰማ ወዲያው ሲጠየቁ ሰዎቹ ማንኛውንም ለውጥ ያውቁ ነበር። ከ80 ቀለማት በኋላ፣ ማለትም 27 ሰከንድ ያህል ሌላ ነገር ሲሰሙ ከቆዩ በኋላ ግን፣ የአሰካኩን ለውጥ መለየት አቃታቸው። የትርጉሙን ለውጥ ግን ያዙት። ጋሊሊዮ ተቀባይ እንጂ ላኪ እንዳልነበር ያስታውሳሉ፤ በምን ቃል እንደተነገራቸው ግን ከአእምሯቸው ወጥቷል።

ለእኛ ሥራ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። አእምሯችን ትርጉሙን አስቀርቶ ቃሉን በራሱ ይጥላል። ዓረፍተ ነገሩን አንብባችሁ፣ መጽሐፉን ዘግታችሁ፣ አንድ ደቂቃ ሌላ ነገር ሠርታችሁ ስትመለሱ የሚቀራችሁ ፍሬ ሐሳቡ ነው። ያን ጊዜ የምትጽፉት ከመጽሐፉ አጥንት የመላቀቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። መጽሐፉ ፊታችሁ ተገልጦ እያለ ግን ዓይናችሁ እየተመላለሰ ቃሉን ያመጣዋል።

ሁለት ሰዎች ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም። አንደኛው የሸመደደ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ሃያ ጊዜ ደጋግሞ በቃሉ የያዘ ተማሪ መጽሐፉን ቢዘጋም ያው ቃል በቃል ይመጣበታል። ለእሱ የሚያዋጣው ጮክ ብሎ ለሌላ ሰው ማስረዳት ነው፣ በተለይ እያቋረጠ «እንዴት ማለት?» ለሚል ሰው። ሁለተኛው ያልገባው ነው። እሱ መጽሐፉን ሲዘጋ የሚቀረው ባዶ ወረቀት ነው። ይህም መጥፎ ዜና አይደለም፤ ወደ ዓረፍተ ነገሩ ሳይሆን ከእሱ በፊት ወዳለው አንቀጽ መመለስ እንዳለበት አወቀ ማለት ነው።

እሺ፣ እስቲ ሠርተህ አሳየኝ

መጽሐፉን ዘጋሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ ይህ ነው፦

«መሬቱ ዘቅዛቃ ሆኖ ሣርና ቁጥቋጦው ከሳሳ፣ ዝናቡ አይሰርግም። ስለዚህ ጎርፍ ከላይ ያለውን ለም አፈር ይዞ ሊሄድ ይችላል።»

አሁን መጽሐፉን ከፍቼ በአምስቱ ጥያቄዎች አወዳድራለሁ። የት፣ ደህና ነው። መቼ የሚለው ላይ ተሳስቻለሁ፤ «ሣርና ቁጥቋጦ» ስል ዛፉን አስወጣሁት። ቅድም ተማሪው ዛፉን ብቻ አስቀርቶ ሣሩን ጣለ ብዬ ነበር፣ እኔ ደግሞ ተቃራኒውን ሠራሁ። ለምን የሚለውም ተበላሽቷል። መጽሐፉ መስረጉ ይቀንሳል አለ፣ እኔ «አይሰርግም» አልኩ። መቀነስን በአሉታ ግሥ መተካት በጣም ያታልላል፤ ስንናገር «ዘንድሮ አይዘንብም» ስንል ብዙ አይዘንብም ማለታችን ሊሆን ይችላል፣ ሲጻፍ ግን ጠብታም የለም ማለት ነው። እርግጠኝነቱ ላይ «ሊሄድ ይችላል» ብያለሁ። ይህ ለእርግጠኝነቱ ይበቃል፣ ግን «ይጨምራል» የሚለውን አልያዘም። ዕፅዋቱ ሳይሳሳም አደጋው አለ፣ ሲሳሳ ይበዛል፤ መጽሐፉ ያለው እሱን ነው።

ሁለተኛው ሙከራ፦

«ዘቅዛቃ ቦታ ላይ መሬቱን የሸፈነው ዕፅዋት እየሳሳ ሲሄድ፣ ጎርፍ ከላይ ያለውን ለም አፈር ይዞ እንዳይሄድ ከበፊቱ ይበልጥ ያሰጋል። ምክንያቱም ከዘነበው ውሃ ውስጥ መሬቱ የሚጠጣው ያንሳል፤ የተረፈው ቁልቁል ይወርዳል።»

ይህኛውን እቀበለዋለሁ። አሰካኩ ተቀይሯል። መጽሐፉ ምክንያቱን መሃል ላይ ሸጉጦ ነበር፣ እኔ ወደ መጨረሻ አምጥቼ ለብቻው አቆምኩት። እንደ «የመስረግ መጠኑ» ያሉት ከባድ ስሞች ወደ ግሥ ተፈተዋል፦ «የሚጠጣው ያንሳል»። የመማሪያ መጻሕፍት «የመ…» ን ይወዳሉ፤ «የመቀነስ ሁኔታ»፣ «የመጨመር አዝማሚያ»። እነዚህን ወደ ግሥ መመለስ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። ማን ምን እንደሚያደርግ ካላወቃችሁ ደግሞ ወደ ግሥ መመለስ አትችሉም፤ ስለዚህ መግባቱንም ይፈትሻል።

አንድ የሚያከራክር ነገር አለ። «የተረፈው ቁልቁል ይወርዳል» የሚለው መጽሐፉ ውስጥ በግልጽ የለም። ጨመርኩ ወይ? ያልሰረገ ውሃ ተዳፋት ላይ ወዴት እንደሚሄድ መጽሐፉ አንባቢው ያውቃል ብሎ ነው የተወው፤ ጎርፉ የሚመጣው ከዚያ ነው። እኔ የተሸሸገውን ማያያዣ አወጣሁት እንጂ አዲስ ነገር አላመጣሁም ባይ ነኝ። ጥብቅ የሆነ አራሚ ግን «አውጣው» ሊል ይችላል። ቢወጣም ዓረፍተ ነገሩ ይቆማል።

ጨርሶ የማይነኩ ቃላትስ?

አሉ። የሙያ ስሞች አይነኩም። ኦክስጅን ኦክስጅን ነው፣ ፎቶሲንተሲስን «ቅጠል ምግብ የሚሠራበት ነገር» ማለት ለማስረዳት ጥሩ ነው እንጂ ስሙን አይተካም። ቁጥር፣ ዓመት፣ የሰውና የቦታ ስም አይነካም። ቃል በቃል መያዝ ያለበት ትርጓሜም አለ፣ እንደ ሕግ አንቀጽ ያለ፤ እዚያ «ወይም» እና «እና» ቢቀያየሩ ውጤቱ ሌላ ስለሚሆን፣ በራስ ቃል ከመጻፍ ይልቅ ጠቅሶ ከሥሩ ማብራራት ይሻላል። በእኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ጎርፍ» እና «ለም አፈር» ን እንዳሉ ትቻቸዋለሁ። ተራ ቃላት ናቸው፣ የማንም ንብረት አይደሉም፤ ካልተቀየሩ ተብሎ «ሰብል አብቃይ የምድር ገጽ» ቢባል ማንንም አይጠቅምም።

ልክ መሥራቴን በምን አውቃለሁ?

ከመጽሐፉ ጋር የሚጋሩ ተከታታይ ቃላትን መቁጠር የተለመደ ነው። ሦስትና አራት ቃል በተከታታይ አንድ ከሆነ ተጠንቀቅ ይባላል። ለአማርኛ ግን ይህ ቁጥር ልል ነው። የእኛ አንድ ቃል ብዙ ይሸከማል። «አልወሰደውም» ውስጥ አድራጊው፣ ተደራጊው፣ ድርጊቱም አሉታውም አለ። ሁለት ቃል ተከታትሎ ቢመሳሰል እንኳ ሙሉ ሐሳብ ተቀድቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቃል ቆጠራው ይልቅ የሐረጎቹን ተራ ማየት ይሻላል። ዋናውን ወደ ክፍሎች ቁረጡና ቁጥር ስጧቸው፤ አንድ ቦታና ሁኔታ፣ ሁለት ምክንያት፣ ሦስት ውጤት። የእናንተም በዚያው ተራ ከሄደ፣ ቃላቱ ሁሉ ቢለያዩም ተጣጥፏል። የእኔ ሁለተኛ ሙከራ አንድ፣ ሦስት፣ ሁለት ነው የሄደው።

ለትርጉሙ ደግሞ ዋናውን ያላነበበ ሰው ፈልጉ። የጻፋችሁትን ብቻ ስጡትና «ዕፅዋቱ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ነው ይላል ወይስ ሲቀንስ?»፣ «ሜዳ ላይስ?»፣ «የግድ ይወሰዳል?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚመልሰው መጽሐፉን ያነበበ ሰው ከሚመልሰው ጋር ከገጠመ ደርሷል። ሜዳ ላይ ምን እንደሚሆን «አይናገርም» ካለም ትክክል ነው፤ መጽሐፉም አይናገርም።

በራሴ ቃል ከጻፍኩት ምንጩን ለምን እጠቅሳለሁ?

ቃሉ የእናንተ ነው፣ ሐሳቡ ግን አይደለም። የእህታችሁን መልእክት በራሳችሁ አነጋገር ብታደርሱም «እሷ ናት ያለችው» ትላላችሁ እንጂ ከራሳችሁ እንዳመነጫችሁት አትናገሩም። ስለዚህ ትእምርተ ጥቅሱ አያስፈልግም፣ የመጽሐፉ ስምና ገጹ ግን ይጻፋል። ከሌላ ቋንቋ መጽሐፍ ወደ አማርኛ ያመጣችሁት ዓረፍተ ነገርም ያው ነው። መተርጎም ቃሉን ሁሉ ስለሚቀይር በራስ ቃል የተጻፈ ይመስላል፤ ግን ሐረግ በሐረግ ከተተረጎመ አጥንቱም የባለቤቱ ነው። ለክፍል ሥራ በራሳችሁ ቃል ጻፉ ከተባላችሁ መጀመሪያ ተርጉሙት፣ ከዚያ ትርጉሙን ዘግታችሁ እንደገና ጻፉት።

ምንጩን የምትጽፉበት ቦታም ልዩነት አለው። አንቀጹ መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ከጻፋችሁት፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር የመጽሐፉ፣ የትኛው የእናንተ እንደሆነ አንባቢው አይለይም። «መጽሐፉ እንደሚለው» ብላችሁ ጀምሩና የእሱ ሐሳብ ሲያልቅ ገጹን አስቀምጡ። «ስለዚህ ችግኝ እንትከል» የምትለዋ ግሩም ሐሳብ ያኔ ቦታ ታገኛለች፤ ከገጹ ቁጥር በኋላ፣ በራሳችሁ ስም።